ዜናው ሕዝቡን ይመራል ወይስ ይከተላል?

ጥያቄው ቀላል ነበር። «ሰሞኑን ከሁሉም በላይ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው? ፖለቲከኞች የሚሉትን ይተዉትና፣ መንግሥት ትኩረት ሰጥቶ አንድ ነገር ሊያደርግባቸው ይገባል የሚሏቸው ሁለት ሦስት ዋና ዋና ጉዳዮች የትኞቹ ናቸው?»

ይህን የተጠየቁት በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ውስጥ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ የሚኖሩ 100 መራጮች ናቸው። ጊዜው 1968 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒክሰን፣ ሃምፍሪና ዋላስ ለፕሬዚዳንትነት እየተፎካከሩ ነበር። መቶዎቹ ሰዎች የተመረጡት አንድ የጋራ ነገር ስላላቸው ነው። ማንን እንደሚመርጡ ገና አልወሰኑም። ጠያቂዎቹ ማክስዌል ማኮምስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ሁለት ወጣት የጋዜጠኝነት መምህራን፣ ዜና አንድን ሰው የሚነካው ከሆነ መጀመሪያ የሚነካው ይህን ያልወሰነውን ሰው ነው ብለው አሰቡ።

«የአጀንዳ ቀረጻ ንድፈ ሐሳብ» የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከዚህ ጥናት ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። መገናኛ ብዙኃን ደጋግመውና አጉልተው የሚያቀርቡት ጉዳይ፣ ከጊዜ በኋላ በተመልካቹና በአንባቢው ዘንድም ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ጥናቱ ስለተጠቀሰበት ሁሉ «0.967» የሚባል ቁጥር አብሮ ይነሳል። እኔ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ምን ሊነግረን እንደማይችል ካላየን፣ ንድፈ ሐሳቡን ገባን ማለት ይከብደኛል።

ሁለቱ መምህራን ሁለት ዝርዝር ያስፈልጋቸው ነበር። አንደኛው የመራጮቹ ነው። የመቶውን ሰው መልስ ሰብስበው በአምስት ጉዳዮች ደለደሉት። የውጭ ፖሊሲ፣ ሕግና ሥርዓት፣ የበጀትና የግብር ፖሊሲ፣ ማኅበራዊ ድጋፍ፣ የዜጎች የሲቪል መብት። ብዙ ሰው ያነሳው ከላይ፣ ጥቂት ሰው ያነሳው ከታች ተቀመጠ።

ሁለተኛው ዝርዝር የመገናኛ ብዙኃኑ ነው። የቻፕል ሂል ሰው ፖለቲካን የሚከታተልባቸውን ዘጠኝ ምንጮች ለዩ። አራት የአካባቢ ጋዜጦች፣ ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች፣ የኤንቢሲና የሲቢኤስ የምሽት ዜናዎች። ከዚያ ዜናዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ሆነ።

ቆጠራው ደግሞ በግምት አልነበረም። አንድ የጋዜጣ ዜና «ትልቅ» ተብሎ የሚመዘገበው የፊት ገጽ መሪ ዜና ከሆነ፣ ወይም በየትኛውም ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ የሚያህል ርዕስ ከተሰጠውና ቢያንስ ሲሶው፣ ከአምስት አንቀጽ ያላነሰው ማለት ነው፣ ስለ ምርጫው ፖለቲካ ከሆነ ነው። በቴሌቪዥን ደግሞ 45 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየ ወይም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜናዎች አንዱ የሆነ «ትልቅ» ተባለ። የቀረው «ትንሽ» ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። አርታኢ «ይህ ዜና ከዚያኛው ይበልጣል» ብሎ በቃል አይነግረንም። የሚነግረን በርዕሱ ስፋት፣ በቦታው፣ በተሰጠው ሰከንድ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ሙሉ ባያነበውም ይህችን ምልክት አይቷት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ተመራማሪዎች የለኩት የዜናውን ይዘት ብቻ ሳይሆን አርታኢው የሰጠውን ክብደት ጭምር ነው።

ከዚያ ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመራጮቹ ቅደም ተከተል «ትላልቅ» ከተባሉት ዜናዎች ቅደም ተከተል ጋር ያለው ተዛምዶ 0.967 ሆነ። «ከትንንሾቹ» ጋር ደግሞ 0.979። ፍጹም መገጣጠም 1 ነው። ጭራሽ አለመገናኘት 0 ነው። በማኅበራዊ ጥናት ዓለም እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሌላም ያን ያህል የማይወራለት ነገር አገኙ። በዚያን ዘመን በተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደው እምነት «ሰው የሚሰማው የራሱን ወገን ብቻ ነው» የሚል ነበር። ይህ እውነት ከሆነ፣ ገና ባይወስንም ወደ አንዱ ዕጩ ያዘነበለ መራጭ የሚያሳስበው ጉዳይ፣ ስለዚያ ዕጩና ፓርቲው በሚወጣው ዜና ከሚጎላው ጉዳይ ጋር መግጠም አለበት። ፈተኑት። 24 ንጽጽር ተሠራ። በ18ቱ የመራጩ ዝርዝር ይበልጥ የገጠመው ስለ ራሱ ዕጩና ፓርቲ ብቻ ከወጣው ዜና ጋር ሳይሆን ከአጠቃላዩ ዜና ጋር ነው። ከ0.967 ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይህኛው ነው። ምክንያቱም ተቀናቃኝ ማብራሪያ ቀርቦ ሁለቱ ተፋጠው የታዩበት ቦታ ነው።

ያ ትልቅ ቁጥር ግን ደካማ ጎን አለው። ዝርዝሮቹ ላይ ያሉት አምስት ጉዳዮች ብቻ ናቸው። አምስት ነገር ያለበት ዝርዝር በቀላሉ ሊገጣጠም ይችላል። ከተማዋ አንዲት ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ ሁለቱም ዝርዝሮች የተለኩት በአንድ ሰሞን መሆኑ ነው። ስለዚህ ማን ማንን እንደተከተለ አይታይም። ዜናው ሕዝቡን መርቶ ሊሆን ይችላል። አዘጋጆቹ ሕዝቡ የሚያወራውን ሰምተው ዜና አድርገውት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሁለቱም የሚያዩት አንድ እውነት ነው። ጦርነቱ ከፋ፣ ጋዜጣውም ጻፈ፣ ሰውም ሰጋ። በዚህ ሦስተኛ መንገድ ከሄድን ጋዜጣው መስታወት እንጂ ሌላ አይደለም።

ይህን የመስታወት ነገር ለመፈተሽ ሦስተኛ ዝርዝር ያስፈልጋል። ይኸውም በእውነተኛው ዓለም የሆነው ነገር ነው። በ1973 ሬይ ፈንክሃውዘር የተባለ ተመራማሪ የ1960ዎቹን የአሜሪካ ጉዳዮች ወስዶ ይህንኑ አደረገ። የመጽሔቶችን ሽፋን ቆጠረ። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ የተባለ ድርጅት «አገሪቱን የገጠማት ዋነኛ ችግር ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ ሕዝቡ የሰጠውን መልስ ያዘ። ከዚያ ስታቲስቲክሱን አጠገባቸው አስቀመጠ። የሕዝቡ ሥጋትና የመጽሔቱ ሽፋን አብረው ሄዱ። እውነታው ግን ከሁለቱም ተለየ። የቬትናም ጦርነት ሽፋን ጣሪያ የነካው በ1966 ነው። እዚያ ያሉት የአሜሪካ ወታደሮች ቁጥር ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ያህል መጨመሩን ቀጥሏል። መስታወት ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ ከጦርነቱ ጋር አብሮ መውጣት ነበረበት።

ከዚህም ይልቅ ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው በቴክሳስ ነው። በ1992 ክረምት፣ በግዛቲቱ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ፣ ወንጀልን ዋነኛ ችግር ነው ያለው ከመቶ 2 ሰው ብቻ ነበር። በ1993 መኸር ላይ 15 በመቶ ደረሰ። በ1994 መጀመሪያ ወራት ከሲሶው በላይ ሆነ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከሃምሳ ሰው አንዱ የነበረው ከሦስት ሰው አንዱን አለፈ ማለት ነው።

ታዲያ ወንጀሉ ምን ያህል ጨመረ? አልጨመረም። የግዛቲቱ የወንጀል መዝገብ በእነዚያው ዓመታት እየቀነሰ ነበር። የጨመረው የወንጀል ዜና ነው። በዳላስና በሂውስተን ትላልቅ ጋዜጦች ላይ የወንጀል ዘገባ በብዛትና በጉልህ ይወጣ ነበር። የሕዝቡ ሥጋት ውጣ ውረድም የተዛመደው ከዚሁ የዜና ፍሰት ጋር ነው።

ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ ወንጀል በራሱ አይደርስበትም። የፖሊስ መዝገብም አያነብም። ሰፈሩ ሰላም ቢሆን እንኳ ስለ ሌላው ሰፈር የሚያውቀው ከዜና ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 ይህንኑ ብሎታል። ሰው የሚኖረው በዓለም ውስጥ ነው፤ የሚያስበውና የሚወስነው ግን በጭንቅላቱ ውስጥ ባለው የዓለም ሥዕል ነው። ሥዕሉን ደግሞ በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው የሳለለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የቴክሳስ ጋዜጠኞች አልዋሹም። የዘገቡት ወንጀል እውነት ተፈጽሟል። እያንዳንዱ ዜና ለብቻው ቢመረመር ስህተት ላይገኝበት ይችላል። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድን ዜና እውነትነት ማጣራት ብቻውን ይህን ነገር አይዘውም። አሥር እውነተኛ ዜና ተደምሮ የተዛባ ሥዕል ሊሰጥ ይችላል።

አሁን መስታወቱ ወደቀ እንበል። ግን ሌላው ጥያቄ አልተመለሰም። ምናልባት ሕዝቡ በሆነ ምክንያት መጀመሪያ ፈርቶ፣ ጋዜጦቹ ፍርሃቱን ተከትለው ይሆናል። ይህን ለመለየት ዜናውን ራስህ መቀየር አለብህ።

ሻንቶ አየንጋር፣ ማርክ ፒተርስና ዶናልድ ኪንደር የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ይህንን ነው። በ1980 መጨረሻና በ1981 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ የሚኖሩ ሰዎችን ጋበዙ። መጀመሪያ መጠይቅ አስሞሏቸው። የተለያዩ አገራዊ ችግሮች ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያሳስባቸው ተጠየቁ። ከዚያ በተከታታይ ቀናት እየመጡ የምሽት ዜና አዩ። ያዩት ዜና እውነተኛ ነው፣ አቅራቢውም የሚያውቁት አቅራቢ ነው። የማያውቁት ነገር፣ ተመራማሪዎቹ ከዜናው መሃል ጥቂት ዘገባ አውጥተው፣ ከማኅደር ባገኙት ሌላ እውነተኛ ዘገባ መተካታቸውን ነው። ለአንዱ ቡድን ስለ አገር መከላከያ ድክመት የሚያወሩ ዘገባዎች ገቡ። ለሌላው ስለ አካባቢ ብክለት። ለሌላው ስለ ዋጋ ንረት። በመጨረሻ ያው መጠይቅ እንደገና ቀረበላቸው።

በመጀመሪያው ሙከራ፣ ስለ መከላከያ ያዩት ሰዎች ዘንድ ጉዳዩ ከስድስተኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ዘለለ። በሁለተኛው ሙከራ ብክለት ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ ወጣ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት የአሜሪካ አየር አልቆሸሸም፣ ጦሩም አልተዳከመም። ሰዎቹንም ማን የት እንደሚመደብ የወሰነው ዕጣ ነው። የተለየው የገባላቸው ዘገባ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀስቱ ከዜና ወደ ሰው እንደሚሄድ ከዚህ ወዲያ መካድ ይከብዳል።

ዋጋ ንረትስ? አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ገና ሲመጡም አንደኛ አድርገውት ነበር። አንደኛ ላይ ያለ ነገር ወዴት ይወጣል?

ይህ ውጤት በስሌት ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። በዚያን ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዋጋ መናሩን ያውቃል። ዜና አላስፈለገውም። ሃሮልድ ዙከር የተባለ ተመራማሪ ቀደም ብሎ በ1978 ጉዳዮችን በዚህ ከፍሏቸው ነበር። በራሳችን ኑሮ የምንቀምሳቸው አሉ፣ በዜና ካልሆነ የማናገኛቸው አሉ። የመገናኛ ብዙኃን ጉልበት የሚበረታው በሁለተኛዎቹ ላይ ነው። የውጭ ጉዳይ፣ የመከላከያ አቅም፣ ሩቅ ያለ ብክለት። ኪሳችንን የሚነካውን ግን ጋዜጣ ዝም ቢለውም እናውቀዋለን። «ሚዲያው የሰውን አእምሮ እንደፈለገ ያሽከረክራል» የሚሉ ሰዎች ይህችን ድንበር ቢያስታውሷት ጥሩ ነው።

ያው ሙከራ አንድ ተጨማሪ ነገር አሳይቷል። ሰዎቹ ፕሬዚዳንቱን እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ ስለ መከላከያ ብዙ ዘገባ ያዩት በመከላከያ ረገድ የሠራውን ይበልጥ ተጠቅመው መዘኑት። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ በርናርድ ኮኸን በ1963 «ጋዜጣ ሰው ምን ብሎ እንዲያስብ በማድረግ ብዙ ጊዜ አይሳካለትም፤ ስለ ምን እንዲያስብ በማድረግ ግን እጅግ ይሳካለታል» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ይህን የሚጠቅሰው ነገሩን ለማቅለል ነው። «ስለ ምን እንደምናስብ ብቻ ነው የሚነግረን፣ ሐሳባችን የራሳችን ነው» ይባላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። መሪን የምንለካበት ሚዛን ላይ የትኛው ጉዳይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዜና ከሆነ፣ ከውጤቱም የራሱን ድርሻ ወስዷል።

ጊዜውስ ምን ያህል ነው? ዛሬ ፊት ገጽ ላይ የወጣ ነገር ነገ ጠዋት የሕዝብ አጀንዳ አይሆንም። ጄምስ ዊንተርና ኻይም ኢያል በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ከ1954 እስከ 1976 ያለውን የሲቪል መብት ጉዳይ ተከተሉ። በ27 የጋሉፕ መጠይቆች የተገኘውን መልስ ከኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ጋር አነጻጸሩት። ሕዝቡ ከሁሉ ይበልጥ የገጠመው ከመጠይቁ በፊት ካለፉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ሽፋን ጋር ነው። የዓመታት ክምችት አይደለም። የትናንትም አይደለም። የሰሞኑ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ከልቡ የሚያሳስበው ጉዳይ ጥቂት ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የወጣው ጉዳይ ግን ተፈትቶ ላይሆን ይችላል። በአገር አቀፍ መጠይቅ ላይ አንድ ችግር ከዝርዝሩ ሲወርድ ስናይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ተቃለለ ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ባለፉት ሳምንታት ምን ገብቶ ገፋው?» ብለን ጭምር ነው።

«ይህ ሁሉ የድሮ ነው፤ አሁን ሰው ዜናውን ከስልኩ፣ እያንዳንዱም የየራሱን ነው የሚያየው» የሚል ክርክር አለ። ተገቢ ክርክር ነው። ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያ የነበረበት ዘመን አልፏል። ጥያቄውን በተግባር ከፈተኑት መካከል ጋሪ ኪንግ፣ ቤንጃሚን ሽኒርና አሪየል ዋይት ይገኛሉ። ውጤታቸው በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ቤተ ሙከራ አልገነቡም። 48 የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃንን ለሙከራ አስማሙ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። አካሄዱ ይህ ነበር። ከ11 የፖሊሲ ዘርፎች አንዱ ይመረጣል። እንደ ስደት፣ ሥራ፣ የአየር ንብረት ያሉ ማለት ነው። ከመካከላቸው ጥቂት ተቋማት በዚያ ዘርፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ለመጻፍ ይስማማሉ። ብዙ የተለየ ነገር አይከሰትባቸውም ተብሎ የሚገመቱ ሁለት ተከታታይ ሳምንታት ይወሰዳሉ። ጽሑፉ በየትኛው ይውጣ የሚለውን ዕጣ ይወስናል። ከዚያ ሰው በትዊተር ላይ ስለዚያ ዘርፍ ምን ያህል እንዳወራ በሁለቱ ሳምንታት ይነጻጸራል።

በመጀመሪያው ቀን ውይይቱ በ19.4 በመቶ ጨመረ። በሳምንቱ ውስጥ የተጠራቀመው ጭማሪ፣ በአንድ ተራ ቀን ከሚወራው አንጻር ሲለካ 62.7 በመቶ ደረሰ። ጭማሪው በአንድ የፖለቲካ ወገን ወይም በአንድ ክልል ሰው ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የሰዎቹ አቋምም በትንሹ ወደ ጽሑፎቹ አቅጣጫ ዘመም ብሏል። ልብ እንበል፣ ይህን ያደረጉት ግዙፎቹ ጣቢያዎች አይደሉም፤ በአንድ ጊዜ አብረው የጻፉ ጥቂት ትንንሽ ተቋማት ናቸው።

በእርግጥ ትዊተር ላይ መጻፍና ጉዳዩን «ዋነኛ ችግር» ማለት አንድ አይደሉም። የ1968ቱ መራጭ የተጠየቀው ምን እንደሚያሳስበው ነው፤ እዚህ የተለካው ምን እንዳወራ ነው። የሚያሳስበው ነገር ኖሮ ዝም የሚል ሰው አለ። ሳያሳስበው የሚያወራም አለ። ስለዚህ ሁለቱን ውጤቶች አንዱ በሌላው ላይ ደርቦ ማንበብ አይቻልም።

ሙከራውን ለማዘጋጀት ዓመታት ፈጅቷል። ዋናው ምክንያት አርታኢዎቹን ማሳመኑ ነው። የትኛው አርታኢ ነው ምን መቼ እንደሚታተም ለውጭ ሰው የሚሰጠው? በመጨረሻ የተገኘው መላ ተቋማቱ የማይፈልጉትን ርዕስ እንቢ የማለት መብታቸው እንዲጠበቅ ነው። ምን እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚጽፈው እነሱ ወሰኑ። ለዕጣው የተዉት «በየትኛው ሳምንት» የሚለውን ብቻ ነበር።